የባሪያ ንግድ ለምን ቆመ? በድርሰት መልስ ሞራሉንና ኢኮኖሚውን እንዴት እንመዝናቸው

ጥያቄው አነጋገሩ ይለያይ እንጂ መልኩ አንድ ነው። «ብሪታንያ በ1807 የባሪያ ንግድን የከለከለችው በዋናነት በሞራል ምክንያት ነው። በዚህ አባባል ምን ያህል ትስማማላችሁ?» እንግሊዝ አገር የሚማሩ ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የዓለም ታሪክ የሚያጠኑትም አይቀርላቸውም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የብዙ ተማሪ መልስ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሁለት አንቀጽ ዘመቻውን በፓርላማ ስለመራው ስለ ዊልበርፎርስና ስለ ሃይማኖተኞቹ፣ ሁለት አንቀጽ ስለ ስኳር ዋጋና ስለ ፋብሪካ፣ መጨረሻ ላይ «ሁለቱም ምክንያቶች አስፈላጊ ነበሩ»። መረጃው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ምንም አልተመዘነም። «ምን ያህል» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ፍርድ መስጠት አለበት።

ፍርዱን መስጫ መንገዶች ሦስት ናቸው። ሞራሉን ማስቀደም፣ ኢኮኖሚውን ማስቀደም፣ ወይም እያንዳንዱ የሠራውን ሥራ ለይቶ ማሳየት። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ምርጫው ትርጉም የሚኖረው ግን ሁለቱ መንገዶች የት ላይ እንደሚሰነጠቁ ካየን በኋላ ነው።

በ1807 የቆመው ምንድን ነው?

በ1807 የተከለከለው ንግዱ ነው። ከአፍሪካ ሰው ገዝቶ በብሪታንያ መርከብ ባሕር ማሻገር በሕግ ተከለከለ። በጃማይካና በባርቤዶስ የሸንኮራ እርሻ ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ባሪያ እንደሆኑ ቀሩ። ባርነቱን ራሱን የሻረው ሕግ የወጣው በ1833 ነው። ያኔም ለባሪያ ባለቤቶች 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ሲመደብ፣ ለተበደሉት ሰዎች ሰባራ ሳንቲም አልተሰጠም።

ይህ ልዩነት ከተዘነጋ ማስረጃው ሁሉ ይደበላለቃል። በ1831 መጨረሻ የተነሳው ታላቁ የጃማይካ አመፅ ለ1807 ምክንያት ሆኖ ሲጻፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። በ1830ዎቹ የነበረውን የነፃ ንግድ ክርክር ወደ ኋላ ጎትቶ 1807 ላይ መለጠፍም የተለመደ ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር «የምናገረው ስለ ንግዱ ነው» ብላችሁ ድንበሩን አስምሩ።

መንገድ አንድ፦ ሞራሉን ማስቀደም

ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው በእጁ ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ1781 ዞንግ የተባለችው መርከብ ላይ ከ130 የሚበልጡ አፍሪካውያን በሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ተጣሉ። ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት የሄዱት የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመጠየቅ ነበር። በግድያ የተከሰሰ አንድም ሰው የለም። ጉዳዩን ሰምቶ ባርነትን ይቃወም ወደነበረው ወደ ግራንቪል ሻርፕ የሮጠው ኦላውዳ ኢኪያኖ ነው። ኢኪያኖ ራሱ ባሪያ የነበረ፣ በገዛ ገንዘቡ ነፃነቱን የገዛ ሰው ነው። በ1789 የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ አገር ለአገር እየዞረ ተናገረበት። ስለ ሞራል ዘመቻው የምትጽፉት አንቀጽ ዊልበርፎርስን ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ጎዶሎ ነው።

በግንቦት 1787 ለንደን ውስጥ 12 ሰዎች ንግዱን ለማስቆም ኮሚቴ አቋቋሙ። ዘጠኙ ኩዌከር ከተባለው የክርስትና ወገን ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ነገሩ አገራዊ ሆነ። በ1792 ወደ ፓርላማ 519 የሕዝብ አቤቱታዎች ገቡ፤ የፈራሚው ቁጥር ወደ 400,000 ይጠጋል። ካሪቢያን የተመረተ ስኳር ሻያቸው ውስጥ አንጨምርም ያሉ ቤተሰቦች በየከተማው ነበሩ። የዘመቻው እግረኛ ቶማስ ክላርክሰን 300,000 ያህል ሰው ስኳር እንደተወ ገምቷል።

እንግዲህ ስንጥቁ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ በ1792 ሕግ አልወጣም። የታችኛው ምክር ቤት በ230 ለ85 ድምፅ የወሰነው፣ ሚኒስትሩ ሄንሪ ደንዳስ ባስገባው ቃል መሠረት ንግዱ «ቀስ በቀስ» እንዲቆም ነበር። ቀኑ 1796 ተብሎ ተቆረጠ። የላይኛው ምክር ቤት ጉዳዩን አንቀርፍፎ ውሃ በላው። 1796 ሲደርስ የዊልበርፎርስ ረቂቅ በ74 ለ70 ወደቀ።

ሞራል ዋናው ምክንያት ከሆነ ሕጉ ሕዝቡ በጋለበት ዓመት ለምን አላለፈም? በ1807 ካለፈስ ለምን ያኔ? ባርነት ኃጢአት ነው የሚለው ስብከት በ1792 የነበረው ያው ነው። እንዲያውም በ1807 የጎዳናው ዘመቻ ከ1792ቱ የቀዘቀዘ ነበር። ሞራሉን አስቀድማችሁ የምትጽፉ ከሆነ ይህን ጥያቄ ራሳችሁ አንሱትና መልሱት። ካልመለሳችሁት ፈታኙ ያነሳባችኋል።

መንገድ ሁለት፦ ኢኮኖሚውን ማስቀደም

የዚህ መንገድ አባት ኤሪክ ዊልያምስ ነው። ኋላ የትሪኒዳድና ቶቤጎ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ይህ የታሪክ ምሁር፣ በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን ገለበጠው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። የካሪቢያን የስኳር ደሴቶች ከአሜሪካ ነፃነት በኋላ እያሽቆለቆሉ ነበር። የብሪታንያ ኢንዱስትሪ ደግሞ አድጎ የድሮውን የቅኝ ግዛት ንግድ የሚፈልግበት ምክንያት አጣ። ስለዚህ ሰብአዊነቱ ሰሚ ያገኘው ጥቅሙ ፊቱን ካዞረ በኋላ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዊልያምስ የዘመቻውን ሰዎች ሚና አልካደም። «ዊልያምስ ሞራል ምንም አልሠራም አለ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያላለውን እያስባላችሁት ነው።

ይህ መንገድ የሚሰነጠቀው በ1977 የታሪክ ምሁሩ ሲሞር ድሬሸር ባነሳው ተቃውሞ ነው። ድሬሸር የንግዱን ቁጥር ሲመረምር ማሽቆልቆል አላገኘም። የብሪታንያ መርከቦች ብዙ ሰው ያጓጓዙት በ1790ዎቹ ነው። ሊቨርፑል በዚያን ጊዜ የባሪያ ንግድ ዋና ወደብ ነበረች፤ ነጋዴዎቿም ከገበያው ለመውጣት አልቸኮሉም። በዚያ ላይ ብሪታንያ ከፈረንሳይና ከአጋሮቿ ጋር ባደረገችው ጦርነት ትሪኒዳድንና ደመራራን ያዘች። ሁለቱም ገና ያልታረሰ ለም መሬት የሞላባቸው ናቸው። ያንን መሬት ለማልማት ባለሀብቱ የሚፈልገው አዲስ ሠራተኛ፣ ማለትም አዲስ ባሪያ ነው። ጥቅም ብቻ ቢወስን ንግዱ መስፋፋት ነበረበት።

ማንቸስተርንም አስቡ። ከተማዋ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ናት። ብዙው ጥጥ የሚለቀመው በባሪያ ጉልበት ነው፣ ከጨርቋም ከፊሉ ለአፍሪካ ንግድ ይሄዳል። በ1787 ማብቂያ ላይ ግን ከ10,000 በላይ የማንቸስተር ነዋሪዎች ንግዱ ይቁም ብለው ፈረሙ። «ሰው ከኪሱ ውጭ አያስብም» ለሚል መልስ ይህ ራስ ምታት ነው።

የኢኮኖሚው መንገድ ግን በዚህ አይሞትም። ሰፊውን የማሽቆልቆል ታሪክ ትቶ በ1806 እና በ1807 ላይ ካተኮረ ጉልበት ያገኛል። በእነዚያ ዓመታት ስኳሩ ከገበያው በላይ ተመርቶ ዋጋው ወድቆ ነበር። በኅዳር 1806 ናፖሊዮን በርሊን ላይ ባወጣው ድንጋጌ የአውሮፓን ገበያ በብሪታንያ ሸቀጥ ላይ ዘጋ። በድሮዎቹ ደሴቶች ያሉ ባለ እርሻዎች አዲስ ባሪያ ወደ ትሪኒዳድና ወደ ደመራራ ቢጎርፍ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው፤ ተፎካካሪያቸው ይጠነክራል። ስለዚህ የተቃዋሚው ጎራ ተከፈለ። ኢኮኖሚውን መምረጥ ከፈለጋችሁ ይህን ጠባብ ክርክር ያዙ። ከ«ካፒታሊዝም ባርነትን አላስፈለገውም» ከሚለው ሰፊ አባባል ይልቅ ይህን መከላከል ይቀላል።

መንገድ ሦስት፦ ማን አነሳው? በምን አሳመነ?

ሁለቱ መንገዶች የሚጋሩት ስህተት አለ። ሞራልንና ጥቅምን እንደ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ነው የሚያዩአቸው። በእውነቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበሩ። ይህን ለማየት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ጉዳዩን ያነሳው ሰው ምን ገፋፋው? ሁለተኛው፣ ሌላውን ያሳመነው በምን ክርክር ነው?

ክላርክሰንን እንውሰድ። በ1787 ብሪስቶልና ሊቨርፑል ወደብ ወርዶ የመርከበኞችን መዝገብ ገለጠ። ነጋዴዎቹ «የባሪያ ንግድ ለባሕር ኃይላችን መርከበኛ ያፈራል» ይሉ ነበር። ክላርክሰን ስም በስም ሲቆጥር ያገኘው የተገላቢጦሽ ነው። በባሪያ መርከብ ላይ የሚሞተው እንግሊዛዊ መርከበኛ ከሌላው ንግድ እጅግ ይበልጣል። ንግዱ መርከበኛ ይገድላል እንጂ አያፈራም። በዚያ ላይ የአፍሪካ ዕቃዎች የሞሉበት ሳጥን ይዞ ይዞር ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ጥሩ እንጨት፣ በርበሬ፣ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ። ሰው ከመግዛት ይልቅ ይህን ብንገዛ እናተርፋለን ለማለት ነው።

ይህ ማስረጃ የሞራል ነው ወይስ የኢኮኖሚ? ክርክሩ የጥቅም ነው። ክላርክሰንን ከወደብ ወደብ ያዞረው ግን ትርፍ አይደለም። ተማሪው ይህን መረጃ «ኢኮኖሚ» በሚለው አንቀጽ ውስጥ ብቻ ከወረወረው ግማሹን ጥሎታል።

ከዚህም የበለጠ የሚያሳየው የ1806ቱ ሕግ ነው። በብዙ ድርሰት ላይ አይጠቀስም፤ በእኔ ግምት ግን ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እሱ ነው። ከጀርባው ያለው ሰው ጄምስ ስቲቨን ይባላል፤ የዊልበርፎርስን እህት ያገባ የባሕር ሕግ ጠበቃ ነው። በ1783 ባርቤዶስ ላይ ባሪያ የሆኑ ሰዎች ሲዳኙ ተመለከተ፤ በቁማቸው እንዲቃጠሉ ተፈረደባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባርነትን ጠላው። ጥላቻው ከኅሊናው የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም።

ስቲቨን ግን ፓርላማውን በኅሊና ለማሳመን አልሞከረም። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ሙከራ ያስተማረው ነገር ነበር። በጥር 1806 ጠቅላይ ሚኒስትር ፒት ሞተ፣ ለዘመቻው የሚያደላ የግሬንቪልና የፎክስ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ስቲቨን ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው። ብሪታንያዊ ነጋዴዎች ለጠላትና ለሌሎች አገሮች ቅኝ ግዛቶች፣ በጦርነት ለተያዙትም ግዛቶች ባሪያ እንዳያቀርቡ እንከልክል። ለምን? ጠላትን ማበልጸግ ነውና። ነገም በሰላም ስምምነት የምንመልሰውን መሬት ዛሬ በራሳችን ገንዘብ ማልማት ነውና። ረቂቁን ያቀረበው መንግሥት ራሱ ነው። የዘመቻው ሰዎች ሆን ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የጦርነት ሕግ መስሎ አለፈ፤ የብሪታንያን የባሪያ ንግድ ሰፊ ድርሻም ቆረጠ።

ከዚያ በሰኔ 1806 ፎክስ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አስመታ። ንግዱ ከፍትሕ፣ ከሰብአዊነትና ከጤናማ ፖሊሲ ጋር ይጻረራል የሚል ነው። በ114 ለ15 አለፈ። ሁለቱ የሞራል ክርክሮች፣ ሦስተኛው የጥቅም ክርክር፣ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር። የካቲት 23 ቀን 1807 ዋናው ረቂቅ በ283 ለ16 አለፈ። መጋቢት 25 ንጉሡ አጸደቀው። ሕጉ በ1807 በቀላሉ ያለፈው ከባዱ ሥራ በ1806 ስለተሠራ ነው።

ታዲያ ይህን በአንቀጽ እንዴት እንጽፈው? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ።

«የ1806ቱ ሕግ ሞራልና ጥቅም የነበራቸውን የተለያየ ሚና ያሳያል። ሐሳቡን ያመነጨው ጄምስ ስቲቨን ባርነትን የሚቃወመው በኅሊናው ቢሆንም፣ ሕጉ ለፓርላማ የቀረበው ጠላትን ማዳከሚያ የጦርነት እርምጃ ተደርጎ ነው። በ1792 የ519 አቤቱታዎች ግፊት ሕግ ማስወጣት አለመቻሉ፣ የሞራል ክርክር ብቻውን በቂ ድምፅ እንደማያመጣ ያረጋግጣል። ሆኖም የጥቅሙን ክርክር ያዘጋጁት ከንግዱ መቆም የሚያተርፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሊቨርፑል ነጋዴዎች እስከ መጨረሻው ተቃውመዋል። ስለዚህ የጥቅም ክርክር ሕጉ መቼ እንዳለፈ ያስረዳል፤ በፓርላማው ጠረጴዛ ላይ ለምን እንደቀረበና ለምን ሃያ ዓመት ከዚያ ሳይወርድ እንደቆየ የሚያስረዳው ግን የሞራል ዘመቻው ነው።»

አንቀጹ ሦስት ነገር አድርጓል። ማስረጃውን በዝርዝር ተረከ። ከሌላ ዓመት ጋር አነጻጸረው። ከዚያ ፍርድ ሰጠ። ሚዛን ማለት ይሄ ነው፤ «በሌላ በኩል ደግሞ» ብሎ አዲስ አንቀጽ መጀመር አይደለም። «ሞራል ባይኖር» እና «ጥቅም ባይኖር» እያላችሁ ሞክሩት። ጥቅሙ ባይመች ዘመቻው ይዘገይ ነበር፣ እንደ ዘገየም። ዘመቻው ባይኖር ግን የስኳር ዋጋ መውደቅ ብቻውን ንግድ አያስከለክልም። ዋጋ ሲወድቅ ነጋዴ የሚጠይቀው የታክስ ቅናሽ ነው።

ሃይቲን የት እናስቀምጣት?

በነሐሴ 1791 ሳን ዶሚንግ በተባለችው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ባሪያ የተደረጉት ሰዎች ተነሱ። በጥር 1804 ሃይቲ ብለው ነፃ አገር መሠረቱ። ይህ ከሞራሉም ከኢኮኖሚውም ሣጥን ውስጥ በልኩ አይገባም፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ይተወዋል። መተው የለበትም። ነፃነታቸውን በራሳቸው እጅ ያመጡ ሰዎች የሌሉበት የባሪያ ንግድ ታሪክ፣ ነጮች ለነጮች የተከራከሩበት ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሚመች አጠቃቀም አለው። የአመፁ ውጤት በጊዜ ተገለባብጧል። በ1790ዎቹ ዘመቻውን ጎዳው፤ የብሪታንያ ባለሥልጣናት ነፃነት የሚል ሰው ሁሉ የፈረንሳይ አብዮተኛ ይመስላቸው ጀመር፣ ኮሚቴውም ለዓመታት ስብሰባውን አቆመ። ከ1802 በኋላ ግን ናፖሊዮን ባርነትን መልሶ ሲያቋቁም ነገሩ ተገለበጠ። ባርነትን መቃወም ጠላትን መቃወም ሆነ። በላዩ ላይ «አዲስ ባሪያ ማስገባት አዲስ አመፅ ማስገባት ነው» የሚል ፍርሃት ተጨመረ። ስለዚህ ሃይቲን «ለምን በ1792 አልሆነም፣ ለምን በ1807 ሆነ» በሚለው አንቀጽ ውስጥ አስገቧት። እዚያ ትክክለኛ ቦታዋን ታገኛለች።

የጥያቄውን ቃል አይታችሁ ምረጡ

ሦስተኛው መንገድ ለሁሉም ጥያቄ እኩል አይመችም። «በ1807 ለምን ተከለከለ?» ከተባለ ጊዜው ላይ ያተኮረ ስለሆነ ይመቻል። «ዊልበርፎርስ ምን ያህል አስተዋጽኦ ነበረው?» ከተባለ ግን ሚዛኑ በሰዎች መካከል ነው፤ ዊልበርፎርስን ከክላርክሰን፣ ከስቲቨንና ከኢኪያኖ ጋር መዝኑት፣ ኢኮኖሚውን በአንድ አንቀጽ ጨርሱት። «የዊልያምስን አመለካከት ገምግሙ» ከተባለ ደግሞ ከኢኮኖሚው ጀምራችሁ በድሬሸር ፈትሹት፣ ከዚያ የ1806ቱን ሕግ ወሳኝ ማስረጃ አድርጉት።

አገሩንም ተመልከቱ። ዴንማርክ በ1792 አውጃ ከ1803 ጀምሮ ነው ንግዱን የከለከለችው። በመካከል ባሉት ዓመታት የእርሻ ባለቤቶች ባሪያ እንዲያከማቹ መንግሥት በብድር ሳይቀር ረድቷቸዋል። አሜሪካ ከ1808 ጀምሮ ከውጭ ማስገባትን ስትከለክል የአገር ውስጥ የባሪያ ገበያው ደራ። የብሪታንያን ማብራሪያ እዚያ ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም።

ከ1807 በኋላ ያለውን ማስረጃ በጥንቃቄ ያዙት። ብሪታንያ ከ1808 ጀምራ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የባሕር ኃይል ጓድ አሰማራች፤ በዘመናት ውስጥ ወደ 150,000 ሰዎች ከተያዙ መርከቦች ነፃ ወጥተዋል። ወጪው ከባድ ነበር፣ ብዙ መርከበኛም በበሽታ ሞቷል። ሞራሉን የሚያስቀድሙ ይህን «ለትርፍ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልከፈሉ» ብለው ያነሱታል። መልሱም ዝግጁ ነው፦ ብሪታንያ ከወጣች በኋላ ተፎካካሪዎቿ ርካሽ ጉልበት ይዘው እንዳይቀጥሉ ማድረግ ጥቅሟ ነበር። ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። ቁም ነገሩ በ1807 ድምፅ የሰጡት ሰዎች ይህን ወጪ አስቀድመው አለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ይህን ማስረጃ ከዋናው ክርክራችሁ በኋላ በሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ አንሱት፤ ፍርዳችሁን ግን በ1792 እና በ1806 ላይ አሳርፉት።